ጠፍቶ የሚሠራ ጄኔሬተር

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ፣ ነዋሪዎቹ ለሁለት ወር ያህል በየምሽቱ "መብራት ሄደ" ሲሉ ከርመዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ምጣዱም ምድጃውም ቴሌቪዥኑም ሲበራ ቤቱ ድርግም ይላል፤ አሥር ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ጄኔሬተሩ ይነሳና ኑሮ ይቀጥላል። ነገሩ የመብራት መሄድ እንዳልሆነ መጀመሪያ ያስተዋለው የበር ጥበቃው ነው። "ጋሼ፣ የማዶው ሱቅ እኮ መብራቱ አልጠፋም፤ የሚጠፋው የእኛ ብቻ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር። ይወርድ የነበረው የሕንፃው ዋና ብሬከር ነው።

ከእኔ በፊት የተጠሩት ባለሙያዎች ሥራቸውን ሠርተዋል። የየፎቁን መስመር ለያይተው ኢንሱሌሽኑን ለክተዋል፤ የነካ ሽቦ አላገኙም። ብሬከሩን ቀይረዋል፤ አዲሱም ወረደ። በመጨረሻ አንዱ የሰለቸው ብሬከሩን የሚያወርደውን የግራውንድ ጥበቃ ከ5 አምፔር ወደ 15 አምፔር ከፍ አደረገውና ሕንፃው ሰላም አገኘ። እኔ የተጠራሁት ለብሬከሩ እንኳ አልነበረም። የጥበቃ ካሜራዎቹ ምስል ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ጥቁር መስመር እየታየ ስላስቸገረ፣ "የኬብል ችግር ይሆን?" ተብዬ ነው የሄድኩት።

ካሜራው ጓሮ ያለው የጄኔሬተር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እዚያው ስቆም የጄኔሬተሩን ብረት ከሕንፃው የግራውንድ ባር ጋር የሚያገናኘው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ዓይኔ ገባና ክላምፕ ሜትሬን አጠለቅኩበት። ጄኔሬተሩ ካለፈው ማታ ጀምሮ አልተነሳም፤ ሞተሩ ቀዝቅዟል፤ የራሱ ብሬከርም ወርዷል። ሜትሩ 8 አምፔር አነበበ። ምንም ከረንት ሊኖርበት የማይገባ ሽቦ ላይ፣ ከጠፋ ጄኔሬተር፣ 8 አምፔር።

ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ስለ ኒውትራል ትንሽ ማውራት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ "ወደ መሬት ይገባል" ብሎ ያስባል፤ እዚያ ገብቶ የሚቀር ይመስለዋል። ከረንት ግን የትም ገብቶ አይቀርም፤ ከወጣበት ምንጭ መመለስ አለበት። በሕንፃው ግቢ ያለው ትራንስፎርመር 15 ኪሎቮልቱን ዝቅ አድርጎ በሦስት ፌዝ ይልካል፤ በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ። ሦስቱ ፌዞች እኩል ቢጫኑ የመልስ ከረንታቸው እርስ በርሱ ይጣፋና ኒውትራሉ ላይ ምንም አይቀርም። አፓርታማ ውስጥ ግን እኩል የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ ፎቅ ሲጋግር ሌላው ቴሌቪዥን ያያል። የኤል ኢ ዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች ደግሞ ከረንቱን የሚስቡት በዘለላ ነው፤ ከዚህ የሚመጣው ትርፍ ሞገድ በሦስቱ ፌዝ መካከል በመጣፋት ፈንታ ኒውትራሉ ላይ ይደመራል። በዚያች ሰዓት የሕንፃው ኒውትራል ተሸክሞ የሚመልሰው 40 አምፔር ያህል ነበር። ይህ ጤናማ ነው፤ የኒውትራል ሥራው ይኸው ነው።

ትራንስፎርመሩ ዘንድ ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር ታስሯል። ይህ እስራት ለጌጥ አይደለም። አንድ ፌዝ ተልጦ የማጠቢያ ማሽን አካል ቢነካ፣ ከረንቱ በግራውንድ ሽቦው ሄዶ በዚህ እስራት በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፤ መንገድ ስላለው መጠኑ ትልቅ ይሆንና ብሬከር ይወርዳል። እስራቱ ከሌለ ከረንቱ መመለሻ የለውም፤ ብሬከሩም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ጄኔሬተርም ራሱን የቻለ ምንጭ ነው፤ ያው እስራት ያስፈልገዋል። የዚህ ሕንፃ ጄኔሬተር ሲተከል ባለሙያው የኒውትራል ጫፉን ከብረቱ ጋር፣ ብረቱን ደግሞ ከግራውንድ ባሩ ጋር በትክክል አስሮታል። ስህተቱ ቼንጅ ኦቨሩ ላይ ነበር። ቼንጅ ኦቨሩ ባለ ሦስት ፖል ነው፤ ሦስቱን ፌዞች ከትራንስፎርመር ወደ ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተር ወደ ትራንስፎርመር ያዛውራል፤ ኒውትራሉን ግን አይነካውም። የትራንስፎርመሩ ኒውትራል፣ የጄኔሬተሩ ኒውትራልና የሕንፃው ኒውትራል አንድ ባር ላይ በብሎን ታስረው ለዘላለም ተገናኝተዋል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ጠፍቶም፣ ብሬከሩ ወርዶም፣ በኒውትራሉ በኩል ከሕንፃው ጋር እንደተያያዘ ነው። ሁለት እስራት በአንድ ጊዜ፦ አንዱ ትራንስፎርመሩ ዘንድ፣ አንዱ ጄኔሬተሩ ዘንድ።

አሁን 40 አምፔሩ ወደ ትራንስፎርመሩ ሲመለስ ሁለት ቦይ ተከፍቶለታል። አንደኛው ቀጥተኛው የኒውትራል ኬብል ነው። ሁለተኛው ዞሮ ይሄዳል፤ ከኒውትራል ባሩ በጄኔሬተሩ ኒውትራል ኬብል ወደ ጓሮ፣ በእስራቱ ተሻግሮ ወደ ግራውንድ ሽቦ፣ ከዚያ በግራውንድ ባሩ በኩል ወደ ትራንስፎርመር። "ከረንት ቀላሉን መንገድ ይመርጣል" የሚባለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ከረንት አይመርጥም፣ ይካፈላል። በሰፊው ቦይ ብዙ፣ በጠባቡ ጥቂት ይፈሳል እንጂ አንዱን ትቶ በሌላው ብቻ አይሄድም። የኬብሎቹን ርዝመትና ውፍረት ይዤ ሳሰላው ቀጥተኛው መንገድ 0.02 ኦህም፣ ዞሮ የሚሄደው 0.08 ኦህም ገደማ ነበር። አራት እጥፍ ስለሚከብድ ሩቡን ያህል ይወስዳል፦ በኒውትራሉ 32፣ በግራውንዱ 8 አምፔር። ክላምፕ ሜትሩ ያነበበው ይህንን ነው።

ካሜራውም መልሱን አገኘ። ግራውንድ ላይ ከረንት ሲፈስ በሽቦው ሁለት ጫፍ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ የካሜራ ኬብሉ ሽፋን ሁለቱን ጫፎች ስለሚያገናኝ ከዚያው ከረንት የድርሻውን ይወስዳል፤ ምስሉ ላይ የሚንከባለለው መስመር የዚህ ምልክት ነው። የውሃ ቧንቧውም፣ የሊፍቱ ሐዲድም፣ የሕንፃው ብረትም ከግራውንድ ጋር እስከተያያዙ ድረስ የየድርሻቸውን ይሸከማሉ። በአዘቦቱ ቀን ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ማንንም አይነዝርም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ዋናው የኒውትራል ኬብል አንድ ቀን ብሎኑ ቢላላ 40ዎቹም አምፔር ወደ ግራውንድ ይዞራሉ፤ መብራቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ይበራል። ችግሩን የሚያውቀው "ይሄ ግራውንድ ነው፣ ከረንት የለውም" ብሎ ሽቦውን በባዶ እጁ የሚፈታ ሠራተኛ ነው።

ወደ ብሬከሩ እንመለስ። ዋናው ቦርድ ውስጥ ሦስቱ ፌዞችና ኒውትራሉ አንድ ላይ የሚያልፉበት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በበረት በር እንደቆመ እረኛ ነው፤ የወጣውን ይቆጥራል፣ የተመለሰውን ይቆጥራል። በፌዞቹ የወጣው ሁሉ በፌዞቹና በኒውትራሉ ከተመለሰ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ከጎደለ አንድ ቦታ ወደ ግራውንድ የሚያመልጥ አለ ማለት ስለሆነ፣ ጉድለቱ ከተሞላበት ልክ ሲያልፍ ብሬከሩን ያወርዳል። የዚህ ሕንፃ ልክ 5 አምፔር ነበር። እረኛው ማታ ማታ ሲቆጥር ሁልጊዜ 8 ይጎድለዋል፤ ከብቶቹ ግን አልጠፉም፤ በጓሮ በር እየገቡ ነው። ምጣድ በማይበራበት ቀትር ኒውትራሉ ላይ 20 አምፔር ብቻ ሲኖር በጓሮ የሚገባው 4 ነው፤ ከ5 በታች ስለሆነ ብሬከሩ ዝም ይላል። ችግሩ የምሽት ብቻ የነበረው፣ የየፎቁን መስመር የለኩትም ሰዎች ምንም ያላገኙት ለዚህ ነው። የተበላሸ ሽቦ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የመሰላቸት ታሪክ ነው። ያስደነገጠኝ 15 አምፔሩ ነው።

የጓሮው በር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እውነተኛ ችግር ቢፈጠር፣ ለምሳሌ በፎቆቹ መካከል ሽቅብ የሚወጣው ዋና ኬብል ተልጦ የብረት መደርደሪያውን ቢነካና 18 አምፔር ወደ ግራውንድ ቢያመልጥ፣ ያ ከረንት ግራውንድ ባሩ ጋ ሲደርስ ይካፈላል። አብዛኛው በቀጥታ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። አንድ አምስተኛው ግን በጄኔሬተሩ እስራት ተሻግሮ ኒውትራል ይሆንና፣ ከሌላው ኒውትራል ጋር ተቀላቅሎ፣ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ይመለሳል። እረኛው እንደ ደህና ተመላሽ ይቆጥረዋል። ከ18ቱ የሚታየው 14.4 ብቻ ነው፤ ልኩ 15 ስለሆነ ብሬከሩ አይወርድም። 18 አምፔር በ220 ቮልት ወደ 4 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ከአንድ የእንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ሙቀት ማንም በማያየው የኬብል ጉድጓድ ውስጥ ለሰዓታት ይነዳል ማለት ነው። መንገዱን የሳተው የኒውትራል ከረንት በዚህ ላይ ሲጨመር ንባቡ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚወሰነው በየትኛው ፌዝ ላይ ብልሽቱ እንደደረሰ ነው። ጥበቃው ሳይገባው ይጮህ የነበረ፣ ልኩ ከፍ ከተደረገ በኋላ ሲገባው የማይጮህ ሆነ።

በየቤቱ ያለው ባለ 30 ሚሊአምፔር አር ሲ ዲ ከዚህ አያድንም። እሱ የሚጠብቀው ከራሱ በኋላ ያለውን የቤት መስመር ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ዋና ኬብል ያለው ያንኑ ቀለበት ብቻ ነው።

መፍትሔው ምን ይሁን ሲባል ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ኒውትራሉን እንዳለ ትቶ የጄኔሬተሩን እስራት መፍታት ነው፤ ያኔ ጄኔሬተሩ ሲሠራም የሚጠቀመው የትራንስፎርመሩን እስራት ይሆናል። በአሜሪካ ብዙ ቦታ እንዲህ ይሠራል፤ ኮዳቸውም ኒውትራሉ የማይቀያየር ጄኔሬተርን ራሱን እንደቻለ ምንጭ አይቆጥረውም። ርካሽ ነው፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እዚህ አልወደድኩትም። ትራንስፎርመሩ ለጥገና ሲፈታ፣ ወይም መስመሩ ሲቆረጥ፣ ማለትም ጄኔሬተሩ በጣም በሚፈለግበት ቀን፣ እስራቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የእንግሊዞቹ የሽቦ ሥራ ደንብም ቢሆን ተለዋጭ ጄኔሬተር በሚሠራበት ጊዜ በሕዝብ መስመሩ እስራት ላይ ብቻ እንዳይተማመን፣ የራሱ የመሬት ዘንግ እንዲኖረው ይጠይቃል። ጄኔሬተሩ በኋላ የራሱ ቀለበት ቢገጠምለትም ጥበቃው በትክክል የሚቆጥረው ኒውትራሉ ሲለያይ ነው።

ሁለተኛውን መረጥን፤ ቼንጅ ኦቨሩን በባለ አራት ፖል መተካት። አራተኛው ፖል ኒውትራሉንም ስለሚያዛውር ሕንፃው በአንድ ጊዜ የሚያውቀው አንድ ምንጭና የዚያን ምንጭ እስራት ብቻ ነው። የጄኔሬተሩ እስራት ባለበት ይቆያል፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ግን የኒውትራል ኬብሉ በአየር ላይ ይቀራል፤ የጓሮው በር ይዘጋል።

አራተኛው ፖል ግን የራሱ አደጋ አለው፤ በዚህ ላይ ማዳን የሚያምራቸውን ሰዎች አልምርም። ኒውትራሉ ከፌዞቹ ቀድሞ መከፈት፣ ከፌዞቹ ዘግይቶም መዘጋት የለበትም። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በአንዱ ፌዝ ላይ 3,500 ዋት ምጣድ፣ በሌላው ፌዝ ላይ አንዲት 100 ዋት የድሮ አምፖል ብቻ አሉ እንበል። ፌዞቹ እንዳሉ ኒውትራሉ ቢከፈት፣ ምጣዱና አምፖሉ በ380 ቮልት ላይ በተራ የተያያዙ ይሆናሉ። የምጣዱ ሬዚስታንስ 14 ኦህም፣ የአምፖሉ 484 ኦህም ገደማ ስለሆነ፣ ምጣዱ 11 ቮልት ያህል ሲደርሰው አምፖሉ 369 ቮልት ይቀበላል። በአምፖሉ ቦታ ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን ያስቡ። ደኅነኛ ባለ አራት ፖል ቼንጅ ኦቨር አራቱን ፖሎች በአንድ ዘንግ ያንቀሳቅሳል፤ ኒውትራሉ ወይ ከፌዞቹ ጋር እኩል ወይ ቀድሞ ይገጥማል፣ ሲለቅም ከፌዞቹ በፊት አይለቅም። የተሻሉት ደግሞ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ሁለቱን ኒውትራሎች አገናኝተው ያሳልፋሉ። መርካቶ ሄዶ ለኒውትራሉ ብቻ የተለየ ኮንታክተር ገዝቶ ከነባሩ ባለ ሦስት ፖል ጎን መስቀል ግን አይሆንም፤ የዚያ ኮንታክተር ጥቅል አንድ ቀን የተቃጠለ እንደሆነ የሕንፃው ቴሌቪዥን ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ባለ አራት ፖል ተገጥሞ የጄኔሬተሩ እስራት ሳይኖር ሲቀር። ከፋብሪካ ሲመጡ ኒውትራላቸው ከብረታቸው ጋር ያልታሰረ ጄኔሬተሮች ብዙ ናቸው፤ በተለይ ትንንሾቹ። በባለ ሦስት ፖል ዘመን የትራንስፎርመሩ እስራት ይሸፍናቸው ነበር። ኒውትራሉ ሲለይ ግን ጄኔሬተሩ ከመሬት ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ምንጭ ይሆናል፤ ፌዝ ብረት ቢነካም ከረንቱ መመለሻ ስለሌለው የትኛውም አር ሲ ዲ አይወርድም። የመጀመሪያው ብልሽት ተደብቆ ይቀመጥና፣ ሁለተኛው በሌላ ፌዝ ላይ ሲመጣ፣ ብረቶቹ በግራውንድ ሽቦ ካልተያያዙ፣ በሁለቱ ዕቃዎች ብረት መካከል 380 ቮልት ይቆማል። ሰው የሚታለልበትም ነገር አለ፤ የአር ሲ ዲው መሞከሪያ ቁልፍ እንዲህ ባለ ጄኔሬተር ላይም ሲጫኑት ብሬከሩን ያወርዳል። ቁልፉ የሚሞክረው ከረንትን በራሱ ውስጥ ከፌዝ ወደ ኒውትራል አሳልፎ ነው፤ ግራውንድ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። በጄኔሬተር ጊዜ ጥበቃው መሥራቱን የሚያረጋግጠው እስራቱን በዓይን ማየትና የብልሽት መንገዱን በመለኪያ መሞከር ነው።

የእኛ ሕንፃ ሥራ አንድ እሁድ ጠዋት ፈጀ። መብራቱን አጥፍተን አሮጌውን ቼንጅ ኦቨር አወረድን፤ የትራንስፎርመሩንና የጄኔሬተሩን ኒውትራል ከጋራ ባሩ ፈትተን እያንዳንዱን በየራሱ ወገን ከአራተኛው ፖል ጋር አሰርን። አስተዳዳሪዋ ቴክኒሻኑን "ታዲያ ያንን የጄኔሬተሩን የግራውንድ ሽቦ ብቻ ብትቆርጡት አይበቃም ነበር?" ብላ ጠየቀችው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ 8 አምፔሩም በእርግጥ ይጠፋ ነበር። ግን ያ ሽቦ የጄኔሬተሩን ብረት የሚጠብቅ ነው። ያለ እሱ አንድ ፌዝ ገላውን ቢነካ ነዳጅ ሊሞላ የሚመጣው ጥበቃ ነው የሚያገኘው። በማንኛውም መፍትሔ ውስጥ የማይነካው ሽቦ እሱ ነው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምጣዱ ሁሉ በርቶ፣ ክላምፕ ሜትሩን እንደገና አጠለቅኩ። ኒውትራሉ 41 አምፔር፣ የጄኔሬተሩ ግራውንድ ዜሮ። አራቱን የዋና ኬብሎች አንድ ላይ ሳቅፋቸው 0.3 አምፔር አነበበ፤ ይህ በየቤቱ ካሉ የኮምፒዩተርና የማጠቢያ ማሽን ማጣሪያዎች የሚንጠባጠብ የተለመደ ነው። የጥበቃውን ልክ ወደ 5 አምፔር መለስነው፤ ብሬከሩ አልወረደም። የካሜራው መስመርም ጠፍቷል።

ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ የሚያስተዳድር አንባቢ ይህን ጽሑፍ ለኤሌክትሪክ ባለሙያው ያሳየውና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀው፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ሕንፃው በደንብ ተጭኖ ሳለ፣ የጄኔሬተሩ ግራውንድ ሽቦ ላይ ስንት አምፔር አለ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚፈታም ብሎን የለም። እኛ ቀጣዩ ባለሙያ እንዳይሳሳት ቼንጅ ኦቨሩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም እንዲህ ጽፈናል፦ "ባለ አራት ፖል ነው። የጄኔሬተሩ ኒውትራልና ግራውንድ እስራት አይፈታ።"